«ፎቶው አልተከፈተም፣ እንደገና ላኩ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ለወጣት መምህራን፣

ሰሞኑን በአንድ ወቅት ያስተማርኩት፣ ዛሬ እሱም መምህር የሆነ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ተማሪዎቼ የላኩት የቤት ሥራ ፎቶ ግማሹ አልከፈት አለኝ። እንደገና እንዲልኩ ልጽፍላቸው ነው፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይጽፋል። እኔም ያኔ ዝም ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው የቤት ሥራ በስልክ እንቀበል በነበረበት ጊዜ ነው። የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ ሰጥቼ ነበር። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ይሠራሉ፣ ገጹን ፎቶ ያነሳሉ፣ ወደ ክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ይልካሉ። ፎቶ ሆኖ ሲላክ ጽሑፉ ይደበዝዛል ብዬ ስለፈራሁ «በፋይል መልክ ላኩልኝ» ብያቸው ነበር፤ ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ማታ ኮምፒውተሬ ላይ አውርጄ ስከፍት አብዛኛው ተከፈተ፣ ጥቂቱ እምቢ አለ። ወዲያው ለቡድኑ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አንዳንድ ፎቶዎች ስላልተከፈቱ እንደገና ላኩ።»

አጭር ናት፣ ትሕትናም አላት። ችግሯ ግን ማንን እንደምታናግር አለማወቋ ነው። በማግስቱ ቀድመው እንደገና የላኩት ፎቷቸው በደንብ የተከፈተላቸው ልጆች ነበሩ፤ ጠንቃቃ ተማሪ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ያልተከፈተባቸው ልጆች ደግሞ «ስለ ሌሎች ነው» ብለው ተቀመጡ። የሚነበበው ሥራ እጥፍ ሆኖ ተከመረብኝ፣ የማይነበበው ግን እንዳለ ቀረ።

ካልተከፈተላቸው አንዷ በክፍሉ ውስጥ ማረጋገጫ ስትጽፍ እጇ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ነበረች። ለእሷ በስሟ ጻፍኩላት። ያንኑ ፋይል መልሳ ላከች። አልተከፈተም አልኳት። «መምህር፣ በእኔ ስልክ ላይ ይከፈታል» አለች። በእኔ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም አልኳት። ቀጥላ የላከችው ፋይል መጨረሻው ላይ .jpg የሚል ስለነበረ ደስ አለኝ፤ እሱም አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ ምንም አልላከችም። እኔም ሥራውን ሳትሠራ ጊዜ እየገዛች ነው የሚል ሐሳብ በውስጤ ማደር ጀምሮ ነበር። አፍ አውጥቼ አልተናገርኩትም፤ ግን ልጆች በመምህራቸው አጻጻፍ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ያነባሉ። መልእክቶቼ እያጠሩ ሄደው ነበርና።

ፋይሉን ያሳየሁት አንድ የኮምፒውተር መምህር ባልደረባዬ ሳቅ እያለ ፎቶውን በኖትፓድ ከፈተው። ፎቶን በጽሑፍ ማንበቢያ መክፈት ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ማያው ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተሞላ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ግን አንድ የሚነበብ ቃል ነበር፦ ftypheic። «ፋይሉ ጤነኛ ነው። የአይፎን ፎቶ ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የለወጠችው» አለኝ። ወደ ሌላ ዓይነት ሲቀይረው ገጹ ወለል ብሎ ታየ። ሥራው ሙሉ ነበር፤ የመጨረሻውን ጥያቄ እንዲያውም እኔ ባላስተማርኩት መንገድ ነበር ያረጋገጠችው። ውጤቷን አስተካከልኩ፤ በዚያ ዓመት ግን ልጅቷ ከሚፈለገው በላይ አንድ መስመር ጽፋ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ማለትም አይኦኤስ 11 ከወጣ ወዲህ፣ ፎቶን በነባሪ የሚያስቀምጠው በተለመደው JPEG ሳይሆን HEIC በሚባል ዓይነት ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ ጥራቱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችና የቆዩ ስልኮች ተጨማሪ ሶፍትዌር ካልተጫነላቸው አያነቡትም። ልጅቷ «በእኔ ስልክ ላይ ይከፈታል» ስትል እውነቷን ነበር። ስሙን ከ IMG_4127.HEIC ወደ IMG_4127.jpg መለወጥ ደግሞ የመጽሐፍ ሽፋን እንደ መቀየር ነው፤ ውስጡ ያው ነው።

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ራሱ ወደ JPEG ቀይሮ፣ መጠኑን ቀንሶ ነው የሚያስተላልፈው። በፋይል መልክ ሲላክ ግን ሳይነካ እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ ለጥራት ብዬ የሰጠኋት ትእዛዝ ናት HEIC የሆነውን ፎቶ እንዳለ ወደ እኔ ያመጣችው። አንድ የደብተር ገጽ በአንድ ፎቶ፣ በደህና ብርሃን ከተነሳ፣ እንደ ፎቶ ተልኮም ቢሆን በደንብ ይነበባል።

እናንተ ዛሬ የምትሠሩት ስህተት ሌላ ነው። «የዘንድሮ ልጆች በስልክ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ያውቁታል» ትላላችሁ። አያውቁም። ቪዲዮ መቁረጥ ያውቃሉ፤ ፋይል ምን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ ጠይቋቸውና እዩ። መመሪያውን ደግሞ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ትልካላችሁ። ልጁ ሁለተኛውን እርምጃ ሲረሳ መልእክቱን ከመጀመሪያው ሊያዳምጥ ነው? ጽሑፍ ይሁን። ማንም ረጅም ጽሑፍ አያነብም የሚለውን ወቀሳ እኔም እወቅሳለሁ፤ ይሁንና ከትምህርት ቢሮ የሚመጣልኝን ረጅም ደብዳቤ እኔም እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም።

ከመጻፋችሁ በፊት ያልተከፈቱትን ለዩአቸው፤ ሁሉም በአንድ ምክንያት አይደለም እምቢ የሚለው። መጀመሪያ የፋይሉን መጠን ተመልከቱ። በስልክ የተነሳ የደብተር ገጽ በፋይል መልክ ከተላከ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት በላይ ነው። 0 KB የሚል ከሆነ ፎቶው አልደረሰም፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ይሆናል። ከላይ ታይቶ ከታች ግራጫ ከሆነም ያው ነው፣ መንገድ ላይ የቀረ ፎቶ ነው። ለዚህ መፍትሔው በእርግጥም እንደገና መላክ ነው፤ ልጁ መልእክቱ አጠገብ የምትታየው የሰዓት ምልክት ወደ ✓ እስክትለወጥ ከቴሌግራም ሳይወጣ ይጠብቅ። መጠኑ ደህና ሆኖ ካልተከፈተ ግን ያንኑ ፋይል እንደገና ማስላክ ምንም አይጠቅምም። ስሙ በ HEIC ካላለቀ በኖትፓድ ክፈቱትና የመጀመሪያውን መስመር እዩ። ftypheic ካለ HEIC ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የአይፎን። JFIF ወይም Exif ካለ እውነተኛ JPEG ነው፤ እንዲህ ሆኖ ካልተከፈተ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል። <!DOCTYPE html> የሚል ካያችሁ ደግሞ የደረሳችሁ ፎቶ ሳይሆን ድረ ገጽ ነው፤ ልጁ ሊንክ ልኮ፣ ፈቃድ ሳይከፍት ቀርቶ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ግን ለተማሪው አትጻፉለት። የኮምፒውተር ትምህርት የሚሰጥበት ጊዜ አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው ከትናንትናው የተለየ አንድ ነገር ማድረግ ነው፤ ያ አንድ ነገር ደግሞ ምክንያቱ HEIC ይሁን የተቆለፈ ሊንክ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ያገኘሁት ስክሪንሹት ነው። የስልክ ስክሪንሹት አብዛኛውን ጊዜ PNG ወይም JPEG ስለሆነ የትም ይከፈታል፣ ልጁም ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ መዳከር የለበትም። ጉድለቱ ከማያው ስፋት በላይ ዝርዝር አለመያዙ ነው፤ ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ ገጹን ለሁለት ከፍሎ፣ አጉልቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ለደወለልኝ ልጅ ያስጻፍኩት መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ውድ ተማሪዎች፣ የገጽ 48 የቤት ሥራ ፎቷችሁ ደርሶኛል። ከዚህ በታች ስማችሁ የተጻፈ ልጆች ብቻ እንደገና ላኩልኝ፤ ሌሎቻችሁ ምንም አታድርጉ። ፎቶው በእናንተ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ግን አልተከፈተም፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።
1. ፎቶውን በስልካችሁ ክፈቱ፤ ገጹ ማያውን እንዲሞላ አድርጉ።
2. ስክሪንሹት አንሱ።
3. ስክሪንሹቱን እንደ ፎቶ ላኩ፤ በፋይል መልክ አትላኩ።
4. ከሥሩ ስማችሁንና የገጹን ቁጥር ጻፉ።
እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ። መጀመሪያ በሰዓቱ ስለላካችሁ ነጥብ አይቀነስባችሁም።»

ስም ዝርዝሩ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፣ ልጆቹ ጥቂት ከሆኑ እኔ ለየብቻቸው መላክን ነው የምመርጠው። «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ብላችሁ ብትጽፉም ስሙን በቡድኑ ውስጥ ያየ ልጅ መጀመሪያ የሚያነበው ስሙን ነው። ብዙ ከሆኑ ዝርዝሩ ይሻላል፤ ከብዙ ሰው ጋር ሲሆን አያሳፍርም።

የአይፎን ባለቤቶችን ለሚቀጥለው ጊዜ ማስተካከል ከፈለጋችሁ፣ Settings ውስጥ Camera፣ ከዚያ Formats ገብተው Most Compatible የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ የሚነሱት ፎቶዎች JPEG ይሆናሉ፤ ቀድሞ የተነሱት ግን እንደነበሩ ይቆያሉ። ለዛሬው ሥራ ስለማይረዳ ከላይኛው መልእክት ጋር አትቀላቅሉት። አንዳንዱ ይህን አስተካክሎ ያንኑ የድሮ ፎቶ መልሶ ይልካል፣ እናንተም እንደ እኔ ልጁን መጠርጠር ትጀምራላችሁ።

ስክሪንሹቱ ሲደርሳችሁ ክፈቱትና ለእያንዳንዱ «ተከፍቷል» ብላችሁ መልሱለት። ላኪው መልእክቱ መድረሱን እንጂ በእናንተ ማያ ላይ መከፈቱን ማየት አይችልም። ውጤቱን መዝግባችሁ እስክትጨርሱም ፎቶውን ከስልካቸው እንዳያጠፉ፣ የደብተሩንም ገጽ እንዳይቀድዱ ንገሯቸው። ስልኩ የሞላበት ልጅ መጀመሪያ የሚያጠፋው የቤት ሥራ ፎቶ ነው።