ጥማድ ሳይሆን አሥር በአሥራ ሁለት

«በግብርና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በፍኖተ ሰላም አካባቢ ለሚኖሩት አጎቴ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ ‹ጋሼ፣ 200 የእንቁላል ዶሮ ለማርባት አስቤአለሁና ከጓሮዎ በታች ካለው ቦታ ጥቂት መሬት ቢሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም።› ልላከው? ለዘመድ ውል ማቅረብ ነውር መሰለኝ። ገንዘቤም ትንሽ ነው። አባቴ ደግሞ የመንግሥት ሥራ ጠብቂ ይለኛል።»

እንዲህ እንዳለ አትላኪው። ገበሬ «መሬት ስጡኝ» ሲባል የሚታየው ጥማድ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ግን በካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ብናስብ 40 ካሬ ሜትር ቤት ነው። የመኖ ማስቀመጫውና መተላለፊያው ሲጨመር አሥር በአሥራ ሁለት ሜትር ይበቃል፤ ይህንኑ ጻፊ። ከጓሮ በታች መሆኑንም አልወደድሁትም። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወደ ቤቱ ይወርዳል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፤ የአጎትሽ ዶሮዎችም ፈንግል ይዘው ከደጅሽ ይደርሳሉ። ከፍ ያለና ከግቢው ራቅ ያለ ጥግ ጠይቂ።

ከሁሉ የከፋው «ቢሰጡኝ» የሚለው ነው። እኔም የልማት ሠራተኛ ሳለሁ በዘመድ መሬት ላይ በቃል ብቻ ተስማምቼ የዶሮ ቤት ሠርቼ ነበር። ዘመዴ ሲያርፍ ልጆቹ «አባታችን የነገረን የለም» አሉኝ። አልዋሹም፤ አልነገራቸውም። ምስማር የበሳውን ቆርቆሮ በአህያ ጭኜ ተመለስሁ። ስለዚህ ነውሩን ተይውና ውል ጻፊ። የምትጠይቂው መሬቱን ሳይሆን መጠቀሙን ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ የአጎትሽ ባለቤት ስም ካለ እሳቸውም ይፈርሙ፤ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው የቤተሰቡ አባላትም ይስማሙ፤ ውሉም በመሬት አስተዳደር ይመዝገብ። የሦስት ወር ቄብ ብትገዢ በአምስት ወሯ ገደማ መጣል ትጀምራለች፣ እስከ ዓመት ከመንፈቋ ትጥላለች። በአንድ ዙር የቤቱ ወጪ አይመለስምና አምስት ዓመት ጠይቂ።

ስለ ገንዘቡ፦ እንቁላል ከመታየቱ በፊት ለሁለት ወር ወደ ዘጠኝ ኩንታል መኖ ያስፈልግሻል፤ ያ ከሌለሽ በ50 ዶሮ ጀምሪ። የአባትሽን «ጠብቂ» ሁለት ዓመት ሞክረሽዋል፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቢ፣ ከዶሮው ጋር አይጣላም።

ደብዳቤው እንዲህ ቢሆንስ፦

«ጋሼ፣ ከላይኛው አጥር ጥግ አሥር በአሥራ ሁለት ሜትር ቦታ ለአምስት ዓመት እንድጠቀምበት እለምንዎታለሁ። በየዓመቱ የምንስማማበትን ኪራይ እከፍላለሁ። ጊዜው ሲያበቃ ቆርቆሮዬንና እንጨቴን አንሥቼ ቦታውን ደልድዬ አስረክባለሁ። ከእትዬና ከልጆቹ ጋር ይምከሩበት።»

በሰው እጅ አትላኪው። ይዘሽ ሂጂና እትዬ ባሉበት አንብቢላቸው።