3042 ከቤዝ 5 ወደ ቤዝ 8፦ ስሌቱና ማረጋገጫው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለቤቱ። ከባሕር ዳር ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜን ሒሳብ እያስጠናሁት ነው። በቤዝ 5 የተጻፈውን 3042 ወደ ቤዝ 8 ለውጡ ይላል። እኔ 516 አገኘሁ፣ እሱ 141 አገኘ። ሁለታችንም ደግመን ስናየው ልክ መሰለን። መጽሐፉ መልስ የለውም። ማን ልክ ነው? በምንስ እናረጋግጥ?»

እህት ዓለም፣ መልሱ 615 ነው። ሁለታችሁም አላገኛችሁትም፤ ግን የት ላይ እንደሳታችሁ ከጻፋችሁት ቁጥር ራሱ ይነበባል። ያንቺ ስህተት የመጨረሻው መስመር ላይ ነው፣ የወንድምሽ የመጀመሪያው ላይ።

መጀመሪያ ለምን በቤዝ 10 በኩል እንደምናልፍ ግልጽ ይሁን። ከቤዝ 2 ወደ ቤዝ 8 ሲሆን አሃዞቹን ከቀኝ ሦስት ሦስት እያደረጉ መቧደን ይበቃል፤ 8 ማለት 2×2×2 ነውና። በ5 እና በ8 መካከል እንዲህ ያለ ዝምድና የለም። 5ን በራሱ ስንት ጊዜ ብታባዢው 8 ወይም የ8 ብዜት አይሆንም። ስለዚህ አሃዞቹን እየቧደኑ መተርጎም እዚህ አይሠራም፤ ቁጥሩን ወደምናውቀው ቆጠራ አውርደን እንደገና ማደራጀት አለብን።

እዚያው ሐይቁ ዳር ቀረሶ የሚያስረክብ አስጋሪ ዓሣውን በአምስት በአምስት ያስራል እንበል። አምስት ዓሣ አንድ እስር፣ አምስት እስር አንድ ቅርጫት፣ አምስት ቅርጫት አንድ ጭነት ነው። ስለዚህ እስሩ 5፣ ቅርጫቱ 25፣ ጭነቱ 125 ዓሣ ይይዛል። 3042 ማለት እንግዲህ 3 ጭነት፣ ባዶ ቅርጫት፣ 4 እስርና 2 ነጠላ ዓሣ ነው። ገዢው ግን በስምንት በስምንት ታስሮ ነው የሚፈልገው። ያለው መንገድ ሁሉንም ፈትቶ በነጠላ መቁጠር፣ ከዚያ በስምንት እንደገና ማሰር ነው። መፍታቱ ማባዛት ነው፣ ማሰሩ ደግሞ ማካፈል።

ፈትተን እንቁጠር። ከእያንዳንዱ አሃዝ በላይ የቦታውን ዋጋ ጻፉ፤ ከቀኝ ጀምሮ 1፣ 5፣ 25፣ 125። ይህን ሳይጽፉ በቃል መሥራት ነው ወንድምሽን የጎዳው።

```
3×125 = 375
0×25  =   0
4×5   =  20
2×1   =   2
ድምር   = 397
```

ዜሮው ምንም አይጨምርም፤ ቦታ ግን ይይዛል። ወንድምሽ ዜሮውን ዘሎ 3ን ከ25 ጋር አባዛው፦ 75 + 20 + 2 = 97። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራው በሙሉ ልክ ነው፤ 97 በእርግጥም በቤዝ 8 141 ነው። ችግሩ የለወጠው 3042ን ሳይሆን 342ን መሆኑ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ደግሞ ሲያየው ልክ የመሰለው።

አሁን 397ን በስምንት እናስር፦

```
397 ÷ 8 = 49  ቀሪ 5
 49 ÷ 8 =  6  ቀሪ 1
  6 ÷ 8 =  0  ቀሪ 6
```

መልሱ ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ በማንበብ ይገኛል፦ 6፣ 1፣ 5፣ ማለትም 615። አንቺ ከላይ ወደ ታች አንብበሽ 516 አልሽ። ከታች የሚነበበው ምክንያት ስላለው ነው። የመጀመሪያው ማካፈል 49 እስር ከሠራ በኋላ 5 ነጠላ ዓሣ ተረፈ፤ ያ 5 ከእንግዲህ ወደ የትኛውም እስር አይገባም፣ ስለዚህ የአንድ ቤት አሃዝ ነው፣ የቀኙ ጫፍ። ሁለተኛው ማካፈል 49ኙን እስር ስምንት ስምንት አድርጎ 6 ትልልቅ ጥቅል ሠራና 1 እስር አስተረፈ፤ እሱ የስምንት ቤት ነው። በመጨረሻ የተገኘው 6 ከሁሉ ትልቁን ቦታ ይይዛል፣ የ64ን። መጀመሪያ የተረፈው ትንሹ፣ መጨረሻ የተረፈው ትልቁ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ ድርሻው ከ8 ሲያንስ አለቀ ብሎ ማቆም ስህተት ነው። 6 ላይ ቆሞ ቀሪዎቹን ብቻ የጻፈ ሰው 15 ይላል፤ የ6ቱን ጥቅል ረስቷል ማለት ነው። ድርሻው 0 እስኪሆን መውረድ ይሻላል፤ መስመሩ ቢረዝምም የሚረሳ ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ካልኩሌተር ለሚጠቀሙ ነው። 397 ÷ 8 ሲባል ስክሪኑ 49.625 ያሳያል። ቀሪው 6 አይደለም፣ 625ም አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ8 አባዙት፦ 0.625 × 8 = 5። ሁለተኛው መስመር 6.125 ይሰጣል፤ 0.125 × 8 = 1። ቀሪው ምንጊዜም ከ0 እስከ 7 ያለ ሙሉ ቁጥር ነው። 8 ወይም 9 ከመጣ ማካፈሉ ተሳስቷል፤ ድርሻው ገና አንድ ይጨምራል።

ወደ ማረጋገጫው ልምጣ፤ ዋናው ጥያቄሽ እሱ ይመስለኛል። ብዙ ሰው 615ን ወደ ቤዝ 10 መልሶ 397 ሲያገኝ ሥራው እንደተረጋገጠ ይቆጥራል። ያ የሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ወንድምሽም ያንኑ ቢያደርግ 1×64 + 4×8 + 1 = 97 ያገኛል፤ ከራሱ 97 ጋር ይገጥማል፣ መልሱ ግን ስህተት ነው። ማረጋገጫ የሚባለው ጥያቄው ላይ እስከተሰጠው ቁጥር ድረስ የሚመለሰው ነው፤ ከ615 ተነስቶ 3042 እስኪደርስ።

የመልሱን ጉዞ በሌላ ስልት እንዲሠሩት እመክራለሁ፤ ያንኑ ማባዛት ከደገሙት ያንኑ ስህተት ይደግሙታል። ከግራ ጀምሮ በ8 እያባዙ ቀጣዩን አሃዝ መደመር ነው፦ 6፤ 6×8+1 = 49፤ 49×8+5 = 397። ከዚያ 397ን በ5 እናካፍል፦

```
397 ÷ 5 = 79  ቀሪ 2
 79 ÷ 5 = 15  ቀሪ 4
 15 ÷ 5 =  3  ቀሪ 0
  3 ÷ 5 =  0  ቀሪ 3
```

ከታች ወደ ላይ 3042። ያ ዜሮ እዚህ ራሱን ችሎ ቀሪ ሆኖ ወጣ፤ 141ን በዚሁ መንገድ ብትመልሱት ግን 342 ይወጣና ዜሮው መጥፋቱ ወዲያው ይታያል። 516 ደግሞ በቤዝ 10 334 ነው፤ በ5 ስታካፍዪው 2314 ይሰጣል፣ ከ3042 ጋር አይገናኝም።

አንድ የምወደው ነገር አለ። 3042ን ከግራ በ5 እያባዛችሁ ብትሠሩት 3፣ 3×5+0 = 15፣ 15×5+4 = 79፣ 79×5+2 = 397 ይመጣል። እነዚህ 3፣ 15፣ 79 ከላይ ባለው ማካፈል ላይ የወጡት ድርሻዎች ናቸው፣ በተገላቢጦሽ። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የተሳሳተ ነገር ካለ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ጭምር ያሳያል፤ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም።

ፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥር ሁለት ፈጣን ፍተሻ አለ። አንዱ ወሰን ማስቀመጥ ነው። ቁጥሩ አራት አሃዝ ኖሮት በ3 ስለሚጀምር በቤዝ 10 ቢያንስ 375 ነው፣ 500 ግን አይደርስም። 97ም 334ም ከዚህ ውጪ ናቸው፤ የሁለታችሁም መልስ በዚህ ብቻ ይወድቅ ነበር።

ሌላው በ4 የሚደረግ ነው። 5፣ 25፣ 125 ሁሉም ለ4 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ የቤዝ 5 ቁጥር ለ4 ሲካፈል የሚተርፈውን ለማወቅ አሃዞቹን መደመር ይበቃል፦ 3+0+4+2 = 9፣ ቀሪ 1። በቤዝ 8 በኩል ደግሞ 8ም 64ም ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ የመጨረሻውን አሃዝ ብቻ ማየት ነው፦ የ615 መጨረሻ 5፣ ቀሪ 1። ገጠመ። የ516 መጨረሻ 6 ነው፣ ቀሪ 2፤ ወደቀ። 141 ግን መጨረሻው 1 ስለሆነ ያልፋል! ዜሮ መዝለል የአሃዞቹን ድምር አይለውጥምና ይህ ፍተሻ አያየውም። ስለዚህ ከወደቀ መልሱ በእርግጥ ስህተት ነው፤ ካለፈ ግን ገና አልተረጋገጠም።

ካልኩሌተር ስለማረጋገጥ፣ የካሲዮ fx-991ES ዓይነቱ BASE-N የሚባለው ክፍል ቤዝ 2፣ 8፣ 10 እና 16 ብቻ ያውቃል፤ ቤዝ 5 የለውም። የ397ን ወደ 615 መለወጥ ያሳያችኋል፣ የ3042ን ወደ 397 ግን አያሳይም፤ የወንድምሽ ስህተት ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፓይተን ካለ ሁለቱንም ያደርጋል፦

```
int("3042", 5)   # 397
oct(397)         # '0o615'
```

ከፊት ያለው 0o ቁጥሩ በቤዝ 8 መሆኑን ማሳያ ነው እንጂ የመልሱ አካል አይደለም።

ለልምምድ ወንድምሽ 2403ን ከቤዝ 5 ወደ ቤዝ 8 ይሥራ። በቤዝ 10 353 ይሆናል፣ በቤዝ 8 ደግሞ 541። ይህን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፦ ቀሪዎቹን ገልብጦ 145 ቢል የ4ቱ ፍተሻ አይዘውም፤ 1ም 5ም ለ4 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል። የሚይዘው ወሰኑ ነው፤ በ2 የሚጀምር አራት አሃዝ ከ250 እስከ 374 ሲሆን የቤዝ 8 145 ግን 101 ብቻ ነው።