መልስ፦ ኤዲሲ ቮልቴጅን ቢት በቢት እንዴት ያገኘዋል?

«ኤዲሲው ቮልቴጁን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቢት በቢት ነው የሚያገኘው ሲባል ምን ማለት ነው?»

ኤዲሲ ቮልቴጅን ለክቶ ወደ ቁጥር የሚቀይር ክፍል ነው። በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ሲሠራ ያየ ሰው ዘዴው አይከብደውም፤ ትልቁ መመዘኛ ቀድሞ ይጫናል፣ ከወርቁ ከበለጠ ይነሣል፣ ካልበለጠ ባለበት ይቆያል፣ ቀጥሎም የእርሱ ግማሽ ይሞከራል።

ሪፈረንሱ፣ ማለትም የመለኪያው ጣሪያ፣ 4 ቮልት የሆነ ባለ 4 ቢት ኤዲሲ 2.65 ቮልት ገባበት እንበል። ውስጡ ያለው ዳክ፣ ማለትም ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው ክፍል፣ መጀመሪያ 2 ቮልት ያወጣል፤ ሁለቱን ቮልቴጆች የሚያወዳድረው ኮምፓራተር ግቤቱ እንደሚበልጥ ስለሚያሳይ የመጀመሪያው ቢት 1 ሆኖ ይጸናል። ቀጥሎ 3 ቮልት ይሞከራል፣ ስለሚበዛ 0 ይሆናል፤ 2.5 ሲሞከር 1፣ 2.75 ሲሞከር ደግሞ 0 ይመዘገባል። ውጤቱ 1010፣ ማለትም 2.5 ቮልት ነው፤ የቀረው 0.15 ከአንድ እርከን (0.25 ቮልት) ስለሚያንስ አይታይም።

አንድ ጊዜ የተወሰነ ቢት ተመልሶ ስለማይታረም፣ ግቤቱ በሙከራዎቹ መካከል እንዳይዋዥቅ አስቀድሞ በትንሽ ካፓሲተር ላይ ተይዞ ይቆያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው፦ የምንጩ ሬዚስታንስ ትልቅ ከሆነ ካፓሲተሩ በተሰጠው ጊዜ ሳይሞላ ልኬቱ ይጀመራል። አርዱይኖ ኡኖ ላይ ላለው ቺፕ የሚመከረው እስከ 10 ኪሎ ኦም ነው። ሁለት ቻናል እያፈራረቁ ሲያነቡ የአንዱ ንባብ ወደ ሌላው ካዘነበለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ሲሆን፣ ቀስ ብሎ ለሚለወጥ ቮልቴጅ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ማሰር ይበቃል።