የእድር በጀት ንግግር ከየት ይጀመር?

«የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። እሁድ የዓመቱን በጀት ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ። ምን ብዬ ልጀምር?»

ከባንክ ደብተሩ ጀምር። «ዓምና ይህን ያህል ነበረን፣ ዛሬ ይህን ያህል አለን» በል። ሰው ጆሮውን የሚሰጥህ ያኔ ነው።

ገቢውን የአባል ቁጥር በማባዛት ብቻ አትገምት። ለምሳሌ 200 አባል በወር 100 ብር ቢያዋጣ በዓመት 240,000 ይሆናል። ዓምና የተሰበሰበው 210,000 ከሆነ ግን በጀትህ 210,000 ነው። ውዝፉን ለብቻው ንገራቸው፤ የማንንም ስም ግን አትጥራ፣ ትርፉ ጠብ ነው።

ወጪው ላይ «ሞት ይታቀዳል ወይ?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት አማካይ ውሰድ። በዓመት 9 ለቅሶ ቢኖርና ለእያንዳንዱ 20,000 ብር ቢከፈል 180,000 ነው። የቀረው 30,000 ለድንኳን ጥገና፣ ለወንበርና ለጥሩምባ ነፊው ይሆናል።

ከዚያ ሳይጠይቁህ ቀድመህ «12 ለቅሶ ቢደርስስ?» በል። 60,000 ብር ይጎድላል። መጠባበቂያው ይህን ከቻለ ቁጥሩን አሳያቸው። ካልቻለ መዋጮ ይጨመር የሚለውን ሐሳብ እዚህ ላይ አምጣው፤ መጀመሪያ ላይ ካነሳኸው ግን ሌላውን ማንም አይሰማህም።

ኦዲተሩ ካንተ በፊት ይናገር።