«አልመለሱልኝም» ወይስ «ጉዳዩ ከምን ደረሰ»?

ጥያቄ፦ «ጅማ ነው የምማረው። ሰኞ ታምሜ ሚድ ፈተና አመለጠኝ። የዚያኑ ቀን ለመምህሬ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው፣ የሐኪም ወረቀትም አያያዝኩ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ መልስ የለም። የመምህሩ ፊርማ የሚያስፈልገው የማካካሻ ፈተና ማመልከቻ ደግሞ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋል። ‹ለማስታወስ ያህል› ብዬ ብጽፍ ድፍረት ይሆንብኛል? ጓደኛዬ ‹ለማሳሰብ› በል ይለኛል።»

መልስ፦ በመጀመሪያ የጓደኛህን ምክር ተወው። «ማሳሰብ» ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ግስ ነው። በግእዝ «ሐሰበ» ማለት ቈጠረ፣ አሰላ ማለት ነው። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውም ለዚህ ነው። «ሒሳብ»ም ከዚያው ሥር ነው። «አሳሰበ» ሲሆን ሌላውን ሰው እንዲያሰላ፣ እንዲጠነቀቅ ማድረግ ይሆናል። «ማሳሰቢያ» የሚለጠፈው በቢሮ በር ላይ ነው፤ የሚለጥፈው ባለሥልጣን፣ የሚያነበው ተገልጋይ። ተማሪ ለመምህሩ ማሳሰቢያ አይጽፍም።

«ማስታወስ»ስ? እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነሱ ቃሉ ምንም ወቀሳ የለውም፣ ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል ይላሉ። እኔ ግን ግሱ ተሳቢ ሲይዝ ስሜቱ ይለወጣል እላለሁ። «ላስታውስዎ» ስትል የረሳው ማን እንደሆነ በግሱ ጭራ ላይ ጽፈኸዋል። መምህርህ ግን ረስተው ላይሆን ይችላል። ምናልባት መልእክቱን አላዩትም፣ ወይም የፈተና ወረቀት እያረሙ ነው። «ለማስታወስ ያህል» ይሻላል፤ ተሳቢ የለውም፣ «ያህል»ም ያለዝበዋል። እኔ ዛሬም አልወደውም። ቢሆንም በደብዳቤውም በስብሰባውም ገብቶ ለምዷል፣ የሚቀየምበት ሰውም የለም። ስለዚህ ብትጽፈው ድፍረት አይባልብህም። ይህን የምለው እየከበደኝ ነው።

ዋናው ነገር ግን የዚህ ቃል ምርጫ አይደለም። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። «መልስ አልሰጡኝም» ብለህ ስትጽፍ «እርስዎ» የሚለውን ባትጠራውም ጥፋተኛው ተጠርቷል። ፊቱ ላይ አሥር ጊዜ «ይቅርታ» ብትደረድር ያ ግስ ይቀራል። መፍትሔው ባለቤቱን መቀየር ነው። «ምላሽ ስላላገኘሁ» ብትል ባለቤቱ አንተ ነህ፤ ይሻላል፣ ግን ቅሬታው አሁንም ይሰማል። ከሁሉም የሚሻለው ባለቤቱን ራሱን መልእክቱን ወይም ጉዳዩን ማድረግ ነው።

ቴሌግራምህን እይ። ከመልእክትህ ጎን አንድ ምልክት ብቻ ካለ ገና አልተነበበም። እንግዲያው «መልእክቱ ደርሶዎት እንደሆነ» ብለህ ጠይቅ። ሁለት ምልክት ከሆነ ተከፍቷል። ያን ጊዜ «ደርሶዎት እንደሆነ» ማለት የምታውቀውን እንደማታውቅ መሆን ነው፣ መምህሩም ይገባቸዋል። «ጉዳዩ ከምን እንደደረሰ» በል። ሁለቱም ላይ የሚደርሰው ነገሩ ነው፣ ሰው አልተከሰሰም። «አይተው ዝም ብለውኛል» የሚለውን ግን በምንም መንገድ እንዳትጽፈው።

«ልጠይቅዎ» የሚለው ያስፈራሃል? አንዳንዶች መጠየቅ ተጠያቂ ማድረግ ነው ብለው ይሸሹታል። በግእዝ «ጠየቀ» ነገሩን አጥርቶ መረመረ፣ ተረዳ ማለት ነው፤ «ጥዩቅ»ም የተረጋገጠ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ በሽተኛም፣ ዘመድም፣ ጎረቤትም እንጠይቃለን። ክብርና ቅርበት ያለው ግስ ነው። በእኔ ምርጫ ለዚህ ጉዳይ ከእሱ የሚበልጥ የለም።

ስለ ይቅርታም ላንሳ። የቀረኸው ሰኞ ነው፤ የምትለምነው ይቅርታ ነው፤ ለማመልከቻው ደግሞ ሁለት ቀን ቀርቶሃል። ሦስቱም «ቀረ» ናቸው። «ይቅር» ትተውት ይለፍ ማለት ነው። «ይቅር አለ» ከሚለው «ይቅርታ» ወጣ፣ ልክ «ዝም አለ» ከሚለው «ዝምታ»፣ «ትዝ አለ» ከሚለው «ትዝታ» እንደወጡ። እንግዲህ ይቅርታ ለተፈጸመ ነገር ነው። ለመቅረትህ አንድ ጊዜ ሰኞ ጠይቀሃል፤ ይበቃል። አሁን ስለጠየቅህ ይቅርታ ካበዛህ፣ መጠየቅህ ራሱ ጥፋት ይመስላል።

ሁለት ምልክት ታይቷል ብለን መልእክቱን እንጻፈው። አዲስ ከመጀመር ይልቅ ለሰኞው መልእክት ምላሽ አድርገህ ላከው፣ የሐኪሙን ወረቀት ፍለጋ እንዳይወጡ።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሰኞ በሕመም ምክንያት ከሚድ ፈተናው መቅረቴን ገልጬ የሕክምና ማስረጃዬን ልኬልዎ ነበር። ጉዳዩ ከምን እንደደረሰ ልጠይቅዎ ብዬ ነው። የማካካሻ ፈተና ማመልከቻ የሚዘጋው ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ማመልከቻው ላይ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልገኛል። ነገ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዎ ብመጣ በስንት ሰዓት ይመቸዎታል? አመሰግናለሁ።» ከታች ሙሉ ስምህንና የመታወቂያ ቁጥርህን አድርግ።

«በአስቸኳይ» የሚል እንደሌለበት ልብ በል። «አስቸኳይ» ከ«ቸኮለ» ነው፤ ቸኩሉ ብሎ ያዛል። ቀነ ገደቡ ሲነገር ጥድፊያውን ራሱ ይናገራል። ግን «እስከ ዓርብ» ብቻ አትበል። ዓርብ ይካተታል ወይስ ሐሙስ ማታ ያበቃል? አንባቢው አያውቅም። ሰዓቱን ጻፍ፤ «ከቀኑ» የሚለውን አትርሳ፣ ስልኩ ላይ ያው ሰዓት 5 ሆኖ ነው የሚታየው። የወሩን ቀን ከጻፍክ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጽ። የሳምንቱ ቀን ስም ግን በሁለቱም አንድ ስለሆነ አያሳስትም። ልመናውን በ«ቢ» አለዝብ፣ «ብመጣ» እንዳልነው። ሆኖም «ቢፈቅዱልኝ፣ ባይቸገሩ፣ ቢመቸዎ» እየተባለ ሲደረደር ጥያቄው ከሥሩ ይጠፋል። አንድ ይበቃል።

ከጅማ የመጣ ጥያቄ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ኦሮምኛ ትልቅ ሰው የሚያከብረው በብዙ ቁጥር ነው፤ «እሲን» ለብዙዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተማሪ መምህሩን «አይታችሁት እንደሆነ» ብሎ ይጽፋል። ሐሳቡ አክብሮት ነው፣ ነውር የለበትም። ግን የአማርኛው አንቱታ «አይተውት እንደሆነ» ነው። በአንድ መልእክት ውስጥ «እናንተ»ና «እርስዎ» ሲቀላቀሉ መልእክቱ ለማን እንደተጻፈ ግራ ያጋባል።

ሐሙስ እስከ ምሳ ሰዓት መልስ ካጣህ ሦስተኛ መልእክት አትላክ። ቢሮአቸው ሂድ፤ ከሌሉ ለትምህርት ክፍሉ ጻፍ። እዚያም «መምህሩ ስላልመለሱልኝ» አትበል። «መምህሩን ማግኘት ስላልቻልኩ» በል፤ ሰኞና ረቡዕ እንደጻፍክላቸው ግለጽ፣ ማስረጃውን አያይዝ። ማመልከቻውን ያለ ፊርማም ቢሆን ዓርብ ከ11 ሰዓት በፊት አስገባ፣ መቀበላቸውን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂም ይዘህ ውጣ።