45 ብር የመሰለን ደንበኛ 878 ብር ሆኖ ሲገኝ

ጥያቄ፦ «በፌስቡክና በኢንስታግራም ቡስት እያደረግን እንሸጣለን። አንድ መልእክት በ0.25 ዶላር እንደመጣልኝ ያሳየኛል። አንድ ደንበኛ የሚያስወጣኝ ይሄ ነው ብዬ ልያዝ? የሠራተኛዋን ደመወዝስ የት ላስገባው?»

አይያዙት፤ እኛም በዚያው ቁጥር ስንመራ ቆይተን ነው የነቃነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ እያሰፋን እንሸጣለን። ሒሳቡን መጀመሪያ በደንብ በሠራንበት ወር ለማስታወቂያ 150 ዶላር አውጥተን 600 ሰው መልእክት ልኮልን ነበር። በእኛ ስም የሚከፍልልን ወኪል የራሱን ጨምሮ በዶላር 180 ብር ስለተቀበለን፣ ከኪሳችን የወጣው 27,000 ብር ነው። መመዝገብ ያለበትም ይህ እንጂ በባንክ ምንዛሪ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር አይደለም። ለ600 ሲካፈል 45 ብር ይመጣል፤ ይሁን እንጂ 45 ብር «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዋጋ እንጂ የገዛ ሰው ዋጋ አይደለም።

ከ600ው ውስጥ ያዘዙት 84 ነበሩ። ከእነዚህ 14ቱ ሞተረኛው ደጃፋቸው ከደረሰ በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ ወይም ስልክ አላነሡም፤ ደርሶ መልሱ በአማካይ 250 ብር ስለሆነ በዚህ ብቻ 3,500 ብር ሄደ። ዕቃውን ከተረከቡት 70 ሰዎች ስልክ ቁጥራቸውን ከቀድሞ የሽያጭ መዝገባችን ጋር ስናመሳክር 22ቱ ነባር ደንበኞች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በዚያ ወር ያገኘናቸው አዲስ ደንበኞች 48 ብቻ ናቸው። «የት አይተውን ነው?» ብሎ መጠየቁ ብዙም አይረዳም፤ ሰው የመጣለትን ይመልሳል፣ ስልክ ቁጥር ግን አይሳሳትም።

ወደ ሠራተኛዋ ስመጣ፣ ደመወዟ 12,000 ብር ነው፤ በአሠሪው በኩል የሚከፈለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,320 ብር፣ ትራንስፖርትና የስልክ ካርድ ደግሞ 1,680 ብር ስለሚጨመርበት ድምሩ 15,000 ብር ይሆናል። በሳምንት 48 ሰዓት ስለምትሠራ ወሩ ወደ 208 ሰዓት ነው፤ ሰዓቷ 72 ብር ገደማ ያወጣል ማለት ነው። ሙሉ ደመወዙን ግን እዚህ ላይ መጫን ስሕተት ነው፤ ዕቃ ታሽጋለች፣ ነባር ደንበኛም ታስተናግዳለች። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ «አዲስ»፣ «ነባር»፣ «ሌላ» እያለች በወረቀት ላይ ጭረት እንድታደርግ ተስማማን። መጀመሪያ ማታ ማታ በትዝታ ትሞላው ስለነበር አዲሱን ከግማሽ በታች አድርጋ ጻፈችው፤ እዚያው በሰዓቱ ስትጭር ግን በወር 120 ሰዓት ለአዲስ ጠያቂ እንደሚሄድ ታወቀ። ይህም ወደ 8,650 ብር ነው። እኔ ራሴ ፎቶና ቪዲዮ ሳነሣ የማጠፋውን 20 ሰዓትም፣ ሰው ቀጥሬ ባሠራ በምከፍለው በሰዓት 150 ብር አስልቼ 3,000 ብር አስገባሁት። (ባለቤቴ «ለራስህ ደመወዝ ቆረጥህ ወይ?» ብላ ስቃብኛለች።)

ሁሉም ሲደመር 42,150 ብር ሆነ፤ ለ48 ሲካፈል 878 ብር ነው። ቦርሳው በ2,800 ብር ሲሸጥ ከቆዳው፣ ከስፌቱና ከመላኪያው በኋላ የሚተርፈን 900 ብር ስለነበር፣ ከአንድ አዲስ ደንበኛ የመጀመሪያ ግዢ በእጃችን የቀረው 22 ብር ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ወር ማስታወቂያውን ብቻ ቀየርን። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ትተን፣ ዋጋውን ማስታወቂያው ላይ ጻፍን፤ ቦርሳውንም መጠኑ እንዲታወቅ ሰው ትከሻ ላይ አንጠልጥለን ፎቶ አነሣነው። በዚያው 27,000 ብር መልእክቱ ከ600 ወደ 260 ወረደ፣ የአንዱ መልእክት ዋጋም 104 ብር ደረሰ። ያን የድሮ ቁጥር ብቻ ብናይ ኖሮ ደንግጠን ወደ ቀድሞው እንመለስ ነበር። አዲስ ደንበኛው ግን 46 ነበር፤ የሠራተኛዋ ሰዓት ወደ 55 ወርዶ ወደ 3,970 ብር ሆነ፣ ደጃፍ ላይ የተመለሰውም 6 ብቻ ስለነበር 1,500 ብር ነው ያስወጣው። የእኔ 3,000 ሲጨመር ድምሩ 35,470፣ ለአንድ ሰው 771 ብር ይወጣል። ከሠራተኛዋ ያተረፍነው ሰዓት በእርግጥ ትርፍ የሚሆነው ሌላ ሥራ ላይ ሲውል ነው፤ ደመወዙ ያው ነውና። እኛ ጋ ለነባር ደንበኞች ወደ መደወል ዞረ።

እርስዎ ሲያሰሉ አንድ ነገር ይጠብቁ፤ በወሩ አጋማሽ ጠይቆ ደመወዝ ሲወጣ የሚገዛ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ደንበኛውን የገዛበት ወር ላይ ሳይሆን መጀመሪያ መልእክት የላከበት ወር ላይ ይቁጠሩት፣ ሒሳቡንም ወሩ ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዝጉት። ያው ሰው ተመልሶ ሲገዛ የሚገኘውን ትርፍ ደግሞ ከዚህ ወጪ ላይ አይቀንሱት፤ ለብቻው ይመዝግቡት። ከእነዚያ 48 ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ ተመልሰው የገዙት 9 ናቸው።