የማስታወቂያው ሦስት ውጤቶችና የሲቪሽ ቁጥሮች

«ጤና ይስጥልኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ሜክሲኮ ያለ ትልቅ አስመጪ የክምችትና ሥርጭት ኃላፊ ይፈልጋል። ማስታወቂያው ‹ከሥራው የሚጠበቁ ውጤቶች› ብሎ ሦስት ነገር ጠቅሷል፤ ጊዜው አልፎበት የሚወገድ ዕቃን መቀነስ፣ መዝገብና ቆጠራ እንዲገጥሙ ማድረግ፣ የደንበኛን ትዕዛዝ በሁለት ቀን ውስጥ ማስተናገድ። ሲቪዬ ላይ ቁጥር ሞልቷል፤ ግን ካመለከትኩባቸው ቦታዎች የጠራኝ የለም። የአጎቴ ልጅ ‹ቁጥሩን ከፍ አድርጊው፣ ማን ያጣራል› ይለኛል። እናቴ ባንክ ግቢ ትለኛለች። ማስተርስ ልጀምር ወይ? ፎቶስ ያስፈልጋል? ሲቪዬንና ማስታወቂያውን አያይዣለሁ፤ ከመጋዘኑ መዝገብ የያዝኳቸውንም ቁጥሮች ከታች ጽፌያለሁ።»

እህቴ፣ ሲቪሽ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ በእርሳስ አሰመርኩበት። 1,400 ዓይነት ዕቃ፣ ሁለት መጋዘን፣ ስድስት ሠራተኛ፣ አራት ዓመት። እነዚህ ሁሉ የተሰጠሽ ኃላፊነት ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ይናገራሉ። ኃላፊነቱን ይዘሽ ምን እንዳደረግሽበት ግን አንዱም አይናገርም። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ጊዜው ሲያልፍበት ዝም ብሎ ያየ ቢሆን እንኳ፣ ያንኑ 1,400፣ ያንኑ ስድስት ሠራተኛ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ አንባቢው ሁለታችሁን የሚለይበት ነገር አላገኘም።

ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘው በምክንያት ነው። እዚህ አገር ከመሥሪያ ቤት የምናወጣው የሥራ ልምድ ወረቀት ስለ ውጤት አይናገርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንዲሰጥ የሚያስገድደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ነው። ቀጣሪዎች ሁሉ የለመዱት ያንን ነው፤ አመልካቾችም ሲቪያቸውን የዚያ ወረቀት ግልባጭ ያደርጉታል። ያስገኘሽው ለውጥ የሚጻፍበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ሲቪው ላይ ካልጻፍሽው የትም አይገኝም።

ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ብዙ ማስታወቂያ የሥራ ዝርዝር ደርድሮ ያበቃል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ቀጣሪው በእርግጥ ምን እንደቸገረው መገመት የአመልካቹ ፈንታ ነው። ይሄኛው ግን ችግሩን በሦስት መስመር ነግሮሻል። ስለዚህ የሲቪሽን የመጀመሪያ ሦስት መስመሮች በእነዚያ ሦስት ነገሮች ቅደም ተከተል ጻፊያቸው፤ ኮምፒውተር ችሎታሽና ሥልጠናሽ ከዚያ በኋላ ይምጡ።

አሁን ወደ አንደኛው ውጤት ልግባ፤ ትልቁ ነገርሽም ትልቁ ስሕተትሽም እዚያ ውስጥ ነው።

ከታች የጻፍሽልኝ እንዲህ ይላል፤ በ2015 በጀት ዓመት ጊዜው አልፎበት የተወገደ ዕቃ 840,000 ብር፣ በ2017 ደግሞ 630,000 ብር። ከዚህ ተነስተሽ ሲቪሽ ላይ «ብክነትን በ25 በመቶ ቀንሻለሁ» ብለሻል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ራስሽን ጎድተሻል። በ2015 ከመጋዘን የወጣው ዕቃ 28 ሚሊዮን ብር፣ በ2017 ደግሞ 45 ሚሊዮን ብር ነበር። የተወገደውን በዓመቱ ለወጣው ብናካፍለው በ2015 3 በመቶ፣ በ2017 1.4 በመቶ ነው። ይህ ከግማሽ በላይ ቅናሽ ነው። የብክነት ብሩን ብቻ ከዓመት ዓመት ያስተያየ ሰው ሥራው መስፋቱን ወይም ዋጋው መናሩን አላሰበም ማለት ነው።

የዋጋውን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሁለተኛው መስመርሽ ይጥፋ። «የመጋዘኑን ዓመታዊ እንቅስቃሴ ከ28 ወደ 45 ሚሊዮን ብር አሳድጌያለሁ» ያልሽውን ማለቴ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ያንቺ ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ከ28 ወደ 45 ያደረሰው ዋጋው ሊሆን ይችላል፤ በካርቶን ቢቆጠር እንዲያውም የወጣው ዕቃ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። የሚጠይቅሽ ሰው ራሱ አስመጪ ነው፤ ያን ዓመት ኤልሲ ሲከፍት የኖረ ሰው ይህን መስመር ሲያይ ቀሪውንም ቁጥርሽን በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

በመቶኛው ላይም አንድ ቀዳዳ አለ። በ2017 ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ከዚያ በፊት በርካሽ ዋጋ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ የወጣው ዕቃ ግን በአዲሱ ዋጋ ተመዝግቧል። ስለዚህ 1.4 በመቶው ከእውነቱ ትንሽ ያማረ ሊሆን ይችላል። ብር የማይነካው መለኪያ ግን በእጅሽ አለ፤ ከታች በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ዋዛ የጻፍሽው። በ2015 የተወገዱት 62 ዓይነት ዕቃዎች ነበሩ፣ በ2017 ደግሞ 29። በሁለቱም ዓመት መጋዘኑ ውስጥ የነበረው 1,400 ዓይነት ገደማ ነው። ሲቪው ላይ የሚገባው ይህ ነው፤ እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፦

«ጊዜያቸው አልፎ የሚወገዱ ዕቃዎችን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ62 ዓይነት ወደ 29 ዝቅ አድርጌያለሁ (ከ1,400 ዓይነት ውስጥ)፤ ይህም የሆነው ከስድስት ወር በታች የቀራቸውን ዕቃዎች ዝርዝር በየወሩ ለሽያጭ ክፍል በማቅረብና ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ መደርደሪያውን በማስተካከል ነው።»

ከምን ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ ከስንት ውስጥ እንደሆነ፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ዘዴ እንደተሠራ ሁሉም እዚያው አሉ። ዘዴውን እንዳትተዪው። ቁጥሩ ብቻውን ቢቀመጥ ጠያቂው የመጀመሪያ ጥያቄው «ምናልባት በዚያ ዓመት ትንሽ ገዝታችሁ ይሆናል?» ነው የሚሆነው። «ለሽያጭ ክፍል በማቅረብ» ማለትሽም ከክብርሽ አይቀንስም፤ የቀድሞ አለቃሽ ስልክ ቢደወልለት ሽያጭ ክፍሉም እንደሠራበት መናገሩ አይቀርም፣ ያኔ ቃላችሁ ይገጥማል። ማስታወቂያውም ሲቪሽም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ስትተረጉሚው ማስታወቂያው ብክነቱን የጠራበትን ቃል ራሱን ተጠቀሚ።

ሁለተኛው ውጤት ቀላል ነው። በየወሩ ከመደርደሪያው የዕቃ መመዝገቢያ ከቢን ካርድ ጋር የምታስተያዩት የ120 ዓይነት ዕቃ ናሙና አላችሁ። በታኅሣሥ 2015 ከ120ው 97ቱ ገጥመዋል፣ በሰኔ 2017 ደግሞ 114ቱ። ከ81 በመቶ ገደማ ወደ 95 በመቶ ማለት ነው። «በወርሃዊ የናሙና ቆጠራ» የሚለውን ብቻ አትርሺ፤ የሰኔ 30 ሙሉ ቆጠራ ነው ብሎ የሚረዳ ሰው ሊኖር ይችላልና። ሙሉ ቆጠራው የተለየ ውጤት ካሳየ ቃለ መጠይቁ ላይ ትጋለጫለሽ።

ሦስተኛው ላይ ቁጥር የለሽም፤ የአጎትሽ ልጅ ምክር የሚገባውም እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በቀጥታ ልንገርሽ፤ ምክሩ መጥፎ ነው፤ በፍቅር የተሰጠ ቢሆንም መጥፎ ነው። «ማን ያጣራል» ለሚለው መልስ አለኝ። ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት በአንድ ጅምላ አከፋፋይ ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ፤ በኋላም ሠራተኛ ሲቀጠር ከሚጠይቁት አንዱ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ማጣራት ማለት ሰነድ መጠየቅ አይደለም። «ይህን 90 በመቶ እንዴት አሰላችሁት? ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። በእጁ የቆጠረ ሰው ሳያስብ ይመልሳል፤ የፈጠረው ይንተባተባል። የመጋዘን ቁልፍ ሊሰጥሽ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቁጥር የሚፈጥር ሰውን ከምንም በላይ ይፈራል።

ከመፍጠር ይልቅ ቁጠሪ። የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ የገባበት ቀን አለ፤ የወጪ ደረሰኙ ላይ ዕቃው ከመጋዘን የወጣበት ቀን አለ። ሳትመርጪ ከአንድ ወር ውስጥ 50 ትዕዛዝ በተከታታይ ውሰጂና በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት መዝግቢ። ደስ የሚልሽን ወር እየመረጥሽ አይሁን፤ መጋቢትን ከጀመርሽ መጋቢትን ጨርሺ። ለምሳሌ ከ50ው 41ዱ በሁለት ቀን ውስጥ ወጥተው ቢገኙ «በናሙና ከታዩ 50 ትዕዛዞች 41ዱ በሁለት ቀን ውስጥ ከመጋዘን ወጥተዋል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። «ከመጋዘን ወጥተዋል» የሚለው ቃል ይቆይ፤ ደንበኛው እጅ መግባቱ የሾፌሩና የመኪናው ጉዳይ ነው፣ አንቺ ያንን አልለካሽም። ውጤቱ 30 ብቻ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ መስመሩን ከሲቪው ተዪውና ዘጠኝና አሥር ቀን የቆዩት ትዕዛዞች ለምን እንደቆዩ አጥኚ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ስትቆጥሪ ቁጥሩን ብቻ በማስታወሻሽ ያዢ። የድርጅቱን ሰነድ ፎቶ አታንሺ፣ የደንበኛ ስምና ዋጋም ይዘሽ አትውጪ፤ የአሁኑ አሠሪሽ ምስጢር ነው፣ አዲሱም ቀጣሪ የሌላውን ምስጢር ያወጣ የእኔንም ያወጣል ብሎ ነው የሚያስበው።

የእናትሽን ነገር በተመለከተ፣ ባንክ እርግጠኛ እንጀራ ይመስላቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ባንክ ብትገቢ አራት ዓመት የገነባሽው ነገር ዋጋ የለውም፣ እንደ ጀማሪ ከታች ትጀምሪያለሽ፤ ደመወዙም እንደ ጀማሪ ነው። ሜክሲኮ ያለው ቀጣሪ ግን የሚፈልገው በትክክል አንቺ የሠራሽውን ነው። ቤት የምትረጂ ልጅ ስለሆንሽ የገንዘቡን ጉዳይ በዚህ ዓይን አስረጂያቸው።

ማስተርስ አሁን አይደለም፤ ማስታወቂያው የጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ፎቶ ካልጠየቁ አትለጥፊ።

ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀን አየሁት፤ አሥር ቀን አለሽ። 50ውን ትዕዛዝ ቆጥረሽ ከጨረስሽ በኋላ ሲቪውን አስተካክለሽ ላኪልኝ፤ ለቀጣሪው ከመላክሽ በፊት አየዋለሁ።